«4:00» የቱ ነው? የማታ ሥራ ዝርዝር በሰዓት ሲደረደር የተገኘ የስድስት ሰዓት ስህተት

ለምን ተመዘገበ

በወሎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል የተኛ የከባድ ወባ ታማሚ ሁለተኛውን የአርቴሱኔት መርፌ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ወሰደ። መድኃኒቱ አልጠፋም፣ ነርሶቹም አልዘነጉትም። እንዲያውም በሉሁ ላይ በተጻፈው ሰዓት ሳይዛነፍ ነው የተሰጠው። የተዛባው የተጻፈው ሰዓት ራሱ ነበር።

ስህተቱን ያገኘችው የማታ ተረኛ ነርስ ናት፤ ያገኘችውም ስህተት ፍለጋ ቻርት ስታገላብጥ አይደለም። የሌሊቱን ሥራ ከአልጋ ቁጥር ተራ አውጥታ በሰዓት ተራ ስትጽፍ አንዷን መስመር የት እንደምታስገባት ግራ ገባት። ጉዳዩ የተጻፈው ለዚህች ቅጽበት ሲባል ነው። የታማሚውም የባለሙያዎቹም ስም አልተጠቀሰም።

ክፍሉ እና የቀድሞው ዝርዝር

በዚያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ 18 ታማሚዎች ተኝተዋል። የማታ ዱቲ ከምሽቱ 11:00 ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2:00 ሲሆን ሁለት ነርሶች ይገባሉ። እያንዳንዱ ታማሚ በቻርቱ ውስጥ የራሱ የመድኃኒት መስጫ ሉህ አለው። ከዚያ በተጨማሪ ነርሶች ጣቢያ ላይ አንድ የጋራ ደብተር ይቀመጣል። በርክክብ ጊዜ የሚነበበውም፣ ትሮሊው ላይ ተደርጎ የሚዞረውም ይኸው ደብተር ነው።

ደብተሩ የሚጻፈው በአልጋ ተራ ነበር። አልጋ 1 ሴፍትሪያክሶን 12፣ አልጋ 2 ሄፓሪን 12፣ አልጋ 3 ኢንሱሊን፣ እያለ እስከ አልጋ 18 ይወርዳል። ለርክክብ ምቹ ነው፤ ሁለቱ ፈረቃዎች አልጋ ለአልጋ እየተራመዱ ይረካከባሉ፣ የሚዘለል ሰው የለም። ችግሩ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ያው ዝርዝር የሥራ ቅደም ተከተል ሆኖ መቀጠሉ ነው። ነርሷ ከአልጋ 1 ጀምራ ትሮሊውን እየገፋች ስትሄድ የመጀመሪያዎቹ አልጋዎች በሰዓቱ ያገኛሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘገያሉ። ሁልጊዜ የሚዘገየው ደግሞ ያው የመጨረሻው አልጋ ነው። አንድ ግራም ሴፍትሪያክሶን በጥብጦ፣ ካኑላውን አይቶ፣ በዝግታ ሰጥቶና ፈርሞ ወደሚቀጥለው ለማለፍ አምስት ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ሰው ሲሆን አንድ ሰዓት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት አጻጻፍ ነው። በአንድ ቻርት ውስጥ ሁለት ሰዓት ይኖራል። ሐኪሞች ትእዛዝ ሲጽፉ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋሉ። ነርሶች ሰጥተው ሲፈርሙ ብዙ ጊዜ በአበሻ ሰዓት ይጽፋሉ። የክፍሉ ግድግዳ ሰዓት በአበሻ የተሞላ ነው፤ በነርሷ ኪስ ያለው ስልክ ግን 22:00 ይላል። ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ሰው በጭንቅላቱ ይመነዝራል፤ ስለዚህ ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም ነበር።

ታማሚው

ዕድሜው በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ከክረምት ማግሥት ወባ የሚበረታበት ወቅት። ሰኞ ከምሽቱ 3:20 ላይ ታላቅ ወንድሙ ድንገተኛ ክፍል ሲያደርሰው ራሱን በደንብ አያውቅም፤ በደም ምርመራው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ተገኘ። ክብደቱ 50 ኪሎ ነው።

ትእዛዙ አርቴሱኔት 120 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ በ0፣ በ12 እና በ24 ሰዓት የሚል ነበር። ስሌቱ 2.4 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው ሁለት ባለ 60 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ልክ ይሆናል። ከዚህ ጋር በየአራት ሰዓቱ የደም ስኳር ይለካ ተባለ፣ ምክንያቱም ከባድ ወባ ስኳርን ድንገት ያወርዳል፤ ራሱን የማያውቅ ሰው ደግሞ ራበኝ፣ አላበኝ ብሎ አይናገርም።

«0» የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ ቁልፍ ነው። ሴፍትሪያክሶን በቀን ሁለቴ ሲታዘዝ ክፍሉ በራሱ የዙር ሰዓት፣ ጠዋት 12 እና ማታ 12፣ ያስገባዋል። አርቴሱኔት እንዲህ አይደለም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መርፌ ነው፤ የክፍሉ ዙር አይገዛውም።

የመጀመሪያው መርፌ ሰኞ ከምሽቱ 4:00 ላይ ተሰጠ፣ በፈረንጅ 22:00 ማለት ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ «4:00» ብሎ ፈረመ። ማታ አላለም፣ ሌሊት አላለም።

ስህተቱ የተሠራበት ቦታ

ታማሚው ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል የወጣው ማክሰኞ ከጠዋቱ 12:40 ላይ ነው፣ የሌሊት ተረኞች ሊወጡ ሲሉ። የተቀበለችው ነርስ ትእዛዙን ወደ ክፍሉ ሉህ ገለበጠች። ከላይ የሐኪሙ ጽሑፍ በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ከሥሩ ያለውንም «4:00» በዚያው ዓይን አነበበችው፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10:00 ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ደመረችና የሚቀጥለውን «16:00» ብላ ጻፈች። ከእሱም አሥራ ሁለት ደምራ ሦስተኛውን እንደገና «4:00» አለች።

ድምሩ ትክክል ነው፤ መነሻው ግን ስድስት ሰዓት ተንሸራቷል። ሁለተኛው መርፌ መሰጠት የነበረበት ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:00 ላይ ነበር። የተሰጠው ከቀኑ 10:00 ላይ ነው። የቀን ተረኞቹ ሉሁ ያዘዛቸውን በሰዓቱ አደረጉ፣ ፈረሙም።

ለምን በቀን አልተያዘም? በአልጋ ተራ በተጻፈ ዝርዝር ላይ አልጋ 11 የሚለው መስመር «አርቴሱኔት 16:00» ይላል፣ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች የሌላ ሰው ጉዳይ ናቸው። ከጎረቤቱ ጋር የሚጋጭ ነገር የለም። አንዱ መስመር ብቻውን ሲነበብ ሁልጊዜ ልክ ይመስላል።

ማክሰኞ ማታ፣ ከ11:00 እስከ 11:30

የማታዋ ነርስ ርክክቡን በአልጋ ተራ ተቀበለች፤ ይህን አልቀየረችም። ከዚያ ትሮሊውን ከመግፋቷ በፊት ተቀምጣ በባዶ ወረቀት ላይ ሌሊቱን በሰዓት ጻፈች። አሠራሯ ቀላል ነው። በግራ ጠርዝ ከ11 ማታ እስከ 2 ጠዋት ያሉትን ሰዓቶች ቁልቁል ታወርዳለች፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ታማሚ ሉህ (ደብተሩን ሳይሆን ሉሁን) ገልጣ ሥራውን ከሰዓቱ ጎን ትጽፋለች። አልጋ 11 ላይ ስትደርስ «አርቴሱኔት፣ 4:00» አገኘች።

የት ትጻፈው? ማታ 4:00 ጎን ነው ወይስ ሌሊት 10:00 ጎን?

በአልጋ ተራ ቢሆን ኖሮ «4:00» ብላ ገልብጣ ታልፍ ነበር። በሰዓት ተራ ግን መስመሩ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ለማስቀመጥ ደግሞ መወሰን ግድ ነው። መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሄደች፤ ከላይ ያለው «16:00» በፈረንጅ ስለሆነ ይኸኛውም በፈረንጅ ነው፣ ስለዚህ ሌሊት 10:00 ላይ ይሁን። ሆኖም ከመጀመሪያው መርፌ የሚቆጠር መድኃኒት ስለሆነ ወደ መነሻው ተመለሰች። እዚያ ያለው «4:00» ስንት ሰዓት ነው?

ሦስት ነገር አየች። የመግቢያ ካርዱ ላይ ታማሚው 3:20 ደረሰ ይላል። ከመርፌው በፊት የተለካው ስኳር 3:45 ይላል። መርፌው 4:00። ሦስቱም በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ በአበሻ ሰዓት ካነበቧቸው በአርባ ደቂቃ ውስጥ የተከታተለ ሥራ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል እንደሚሠራው። መርፌው በፈረንጅ 4:00 ነው ከተባለ ግን ከባድ ወባ ያለበት ሰው ስኳሩ ተለክቶ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያለ መድኃኒት ተኝቷል ማለት ይሆናል። ይህ የማይመስል ነገር ነው።

ከዚያ አልጋው አጠገብ የተቀመጠውን ወንድሙን ጠየቀችው። ሰዓት አልጠየቀችውም፤ «ጋሼ፣ ትናንት የመጀመሪያዋን መርፌ ሲሰጡት እርስዎ ምን ላይ ነበሩ?» አለችው።

«አብሽሪ እህቴ፣ አስታውሳለሁ። ኢሻን ሰግጄ ስመለስ ነው መርፌዋን ይዘው የቆሙት። ከዚያ በኋላ እኔ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ለሱብሂ ነው የነቃሁት።»

ይህ ብልህ አጠያየቅ ነው። አስታማሚ የግድግዳ ሰዓት አይቶ ላይይዝ ይችላል፣ በሶላት፣ በእራት፣ በጥበቃ ቅያሪ ግን ሌሊቱን በደንብ ይከፍለዋል። በኢሻና በሱብሂ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ የተፈለገው ልዩነት ነው። ለማረጋገጥ ድንገተኛ ክፍል ስልክ ደወለች፤ መዝገባቸው ላይ ከምሽቱ 4:00 ይላል።

የተወሰደው እርምጃ

ነርሷ ሰዓቱን በራሷ አላስተካከለችም። ለተረኛው ሐኪም ደውላ የተናገረችው በአራት ዓረፍተ ነገር ያለቀ ነው፤ «ዶክተር፣ አልጋ 11 የከባድ ወባው ታማሚ። የመጀመሪያው አርቴሱኔት ትናንት ማታ 4፣ በፈረንጅ 22:00 ነው የተሰጠው። ሁለተኛው ዛሬ ቀን 10፣ በፈረንጅ 16:00 ተሰጥቷል፤ ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። ሦስተኛውን ከየትኛው እንቁጠረው?»

ከመጀመሪያው ከተቆጠረ ሦስተኛው ዛሬ ማታ 4:00 ነው፤ ከሁለተኛው የሚለየው ስድስት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከሁለተኛው ከተቆጠረ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 10:00 ነው፤ ሦስቱ መርፌዎች ከ24 ሰዓት ይልቅ 30 ሰዓት ይፈጃሉ። ሐኪሙ መጥቶ ታማሚውን አየና ማታ 4:00 ይሰጥ አለ። ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሦስት መርፌ እንዲያገኝ ነው የተፈለገው፣ አርቴሱኔት ደግሞ በሰውነት ውስጥ ረጅም አይቆይም፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት መደራረቡ አላሳሰበውም። ይህ ለዚህ ታማሚ የተሰጠ የሐኪም ውሳኔ ነው፤ ለዘገየ መድኃኒት ሁሉ የሚሠራ ቀመር ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ኢንሱሊን ወይም ጀንታማይሲን ቢሆን መልሱ ሌላ ነበር።

ሉሁ ላይ የተሳሳተው መስመር አልተፋቀም። በአንድ ሰረዝ ተሰርዞ፣ ከጎኑ ትክክለኛው ሰዓትና ፊርማ ተጻፈ፤ የዘገየውም ለምን እንደዘገየ በነርስ ማስታወሻው ላይ ሰፈረ።

መርፌው በ12ቱ ዙር ላይ አብሮ ተበጥብጦ እንዳይቀመጥም ተጠነቀቁ። አርቴሱኔት እያንዳንዱ ብልቃጥ መጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት ይሟሟል፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይጨመርበታል፤ 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። ለዚህ ታማሚ 12 ሚሊ ሊትር፣ በሦስት አራት ደቂቃ በዝግታ ይገፋል። ከተበጠበጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይደፋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ 3:50 ጎን «በጥብጪ፣ ስኳር ለኪ»፣ 4:00 ጎን «ስጪ» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ማታ 3:50 ላይ የተለካው ስኳር ደህና ነበር።

የቀረው ሌሊት እንዴት ተደረደረ

የአልጋ 11 ጉዳይ አስደንጋጭ ቢሆንም በሰዓት ሲታይ የሚቀጥለው ሥራ አልነበረም። ሐኪሙ ጋ መደወል ወዲያው ነው፤ መርፌው ግን የማታ 4:00 ነው። በዚያች ሰዓት የሚያስቸኩሉት አልጋ 3 እና አልጋ 9 ላይ ያሉት የስኳር ታማሚዎች ነበሩ። አንዷ ስልክ ስትደውል ሌላዋ ግሉኮሜትር ይዛ ወደ እነርሱ ሄደች።

የሆስፒታሉ እራት 12:00 ላይ ይመጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ስለሚሰጥ ስኳር 11:25፣ ኢንሱሊን 11:30 ይሆናል። የእራቱ ጋሪ ግን አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ይዘገያል፤ ኢንሱሊኑ ከገባ በኋላ ነው ችግሩ የሚታየው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ከኢንሱሊኑ በፊት አንዲት መስመር ተጨመረች፤ «ምግብ እጅ ላይ አለ?» የአልጋ 3 ልጅ ከቤት ያመጣችው ምሳ ዕቃ ከአልጋው ሥር ነበር፤ ኢንሱሊኑ ተሰጣቸው። የአልጋ 9 ታማሚ የሆስፒታሉን እራት የሚጠብቁ ናቸው። ኩሽና ሲደወል ጋሪው ገና አልተነሣም። የእሳቸው ኢንሱሊን ወደ 12:15 ተዛወረ፤ ጋሪውም 12:40 ላይ ደረሰ።

ማታ 12:00 ጎን አሥራ አንድ ሥራ ተደርድሯል። የመድኃኒት ደህንነትን የሚከታተለው የአሜሪካ ተቋም አይኤስኤምፒ በፈረንጆች 2011 ያወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለው መጨናነቅ የሚረዳ ልኬት አለው። ሰዓቱ ወሳኝ የሆነ መድኃኒት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቅደም፣ አይዘግይም። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አንድ ሰዓት፣ በቀን አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሰጥ ደግሞ ሁለት ሰዓት ወዲህና ወዲያ ቢል ይፈቀዳል። ክፍሉ ይህን በቃል ያውቀዋል። ስለዚህ አሥራ አንዱም በእኩል አይጋፉም።

መጀመሪያ የተነካው አልጋ 14 ነው፣ ቫንኮማይሲን 1 ግራም። ከሌሎቹ የበለጠ የታመሙ ሆነው አይደለም፤ መድኃኒቱ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። በደቂቃ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ መፍጠን ስለሌለበት 1 ግራሙ 100 ደቂቃ ይፈጃል። በ250 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነ የድሪፕ ቱቦ፣ በደቂቃ 50 ጠብታ ይሆናል። በመጨረሻ ቢጀመር ማንም የማያየው ድሪፕ ሌሊት ሲሮጥ ይገኛል። ቀድሞ ሲጀመር ግን ነርሷ የሌሎቹን መርፌ እየሰጠች በአጠገቡ ስታልፍ አንገቱና ደረቱ መቅላቱን፣ ማሳከኩን ታያለች። ስለዚህ ረጅም ድሪፕ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ 12:00 ጎን «ጀምሪ»፣ 1:40 ጎን «አለቀ፣ አጥቢ»።

ለቀሪው ሌሊት የሚያስፈልገው መድኃኒት ከነርሷ እጅ መኖሩም ከዚያ ቀድሞ ታየ። በእኛ ሆስፒታሎች ፋርማሲ የጨረሰውን አስታማሚ ከከተማ ይገዛል፤ የከተማ ፋርማሲዎች ደግሞ ይዘጋሉ። ጠዋት 12 ላይ ለአልጋ 14 የሚያስፈልገው ቫንኮማይሲን ብልቃጥ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱ ለልጃቸው ማታ 11:40 ላይ ተሰጠ። የጠዋት 12 መድኃኒት የሚጎድለው ጠዋት 12 ላይ አይደለም፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የሚጎድለው። ይህን በሰዓት ዝርዝሩ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የተሞከረው

በሳምንቱ ክፍሉ ስብሰባ ተቀምጦ የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣው ሁሉም በፈረንጅ 24 ሰዓት ይጻፍ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል፤ አልያዘም። ማንም ሰው «ሃያ ሁለት ሰዓት ላይ መርፌ አለ» ብሎ አይናገርም። ወረቀቱ 22:00 ሲል አፍ አራት ሰዓት ይላል፣ ኩሽናውም አስታማሚውም በአበሻ ነው የሚነጋገሩት፤ ምንዛሪው ከወረቀት ወደ ጭንቅላት ተመልሶ ገባ። ስህተቱ የተወለደው ደግሞ እዚያው ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ሁሉም ሰው ሁለቱንም ሰዓት ይጻፍ የሚል ሆነ። ከሌሊቱ 6 በፊት ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ድካሙ ሲመጣ አንዱ ይቀራል።

የዘለቀው ሦስተኛው ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ 24 ረድፎች ቀድመው ታተሙ፤ እያንዳንዱ ረድፍ በራሱ ሁለቱንም ሰዓት ይዟል።

```
ማታ 12:00  | 18:00 |
ማታ  4:00  | 22:00 |
ሌሊት 8:00  | 02:00 |
ሌሊት 10:00 | 04:00 |
```

ነርሷ ሰዓት አትጽፍም። አልጋና ሥራ ብቻ ጽፋ ትክክለኛው ረድፍ ላይ ታስቀምጣለች። ምንዛሪው አንዴ፣ በቀን ብርሃን፣ ሲታተም አልቋል።

ቀኑም ተመሳሳይ ጣጣ ነበረው። በፈረንጅ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6:00 ላይ ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ ሳይነጋ ቀን አይለወጥም። «ማክሰኞ 8:00» ሲባል የማክሰኞ ቀን ነው ወይስ ሰኞ ያደረው ሌሊት? ገጹ ራስጌ ላይ ስለዚህ ቀን ብቻ መጻፍ ቀርቶ «ማክሰኞ ማታ፣ ለረቡዕ አጥቢያ» ተብሎ ይጻፋል። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል ስላለው ሌላ መፍጠር አላስፈለገም።

ሌላ ክፍል ሊወስደው የሚችለው

የትኛው ቁጥር አደገኛ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ስለሆነ በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በአበሻ ሲጻፍ 12፣ 8፣ 4 ይሆናል፤ በፈረንጅ ሲጻፍ 6፣ 2፣ 10። ሁለቱ አይገናኙም፤ ሦስቱን ቁጥር አንድ ላይ ያየ በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈ ወዲያው ያውቃል። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ ግን በሁለቱም 12 እና 6 ነው፤ የተሳሳተም ልክ ይመስላል። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ የሚሰጥ «6 እና 6» ከተባለ አንዱ ጠዋትና ማታ ይለዋል፣ ሌላው እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት። እነዚህን ብቻቸውን በቁጥር መጻፍ አይገባም፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል አብሯቸው ይሂድ። ለብቻው የቆመ አንድ ቁጥር፣ ልክ እንደ አልጋ 11ዱ «4:00»፣ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የሚያጋልጠው ጓደኛ የለውም።

ከመጀመሪያው መርፌ የሚቆጠር መድኃኒት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ይጻፉ። የዚህ ታማሚ ታሪክ ራሱ ይህን እንደገና አሳይቷል። ረቡዕ ነቅቶ መዋጥ ስለቻለ ማታ 12:00 ላይ ከእራቱ ጋር ኮአርቴም ተጀመረለት፣ በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ። የኮአርቴም ሁለተኛ መጠን ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8:00 ላይ ይውላል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ24ኛው ሰዓት፣ ሐሙስ ማታ 12:00፣ ከዚያ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው። የክፍሉ የጠዋት 12 እና የማታ 12 ዙር ቢውጠው ኖሮ ሁለተኛው አራት ሰዓት ይዘገይ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ስድስቱም መጠን ገና መጀመሪያው ሲሰጥ በየረድፋቸው፣ ከነአጥቢያቸው ተጽፈው ነበር። ሌሊት 8:00 ላይ ነርሷ ታማሚውን ቀስቅሳ በወተት ሰጠችው።

የሁለተኛው መርፌ መዘግየት ታማሚውን ጎድቶታል ማለት አይቻልም፤ አልጎዳውም ብሎ መማልም አይቻልም። ተሻለው፣ በእግሩ ወጣ።

ያልተፈታ ነገር አለ። ድንገተኛ ክፍሉ የራሱን ሉህ አልቀየረም፤ ከዚያ የሚመጣ ታማሚ አሁንም «4:00» ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሚቀበለው ክፍል ነርስ ታማሚው ሳይወርድ፣ ያመጣው ሰው ገና በር ላይ ሳለ፣ የመጀመሪያው መርፌ የቀን ነው የሌሊት ብላ ጠይቃ በመቀበያው ገጽ ላይ ቃሉን ከሰዓቱ ጋር ትጽፋለች። አንድ ታማሚ ድንገት ሲባባስና ሁለቱም ነርሶች እሱ ጋ ሲቆሙም የታተመው ገጽ ሌላውን ሥራ አይሠራም። የሚጠቅመው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ያለፉት ረድፎች ባዶ ፊርማ ይዘው ስለሚታዩ የዘገየው ምን እንደሆነ ከላይ ጀምሮ ይነበባል።